ይህ ግብር ፍትሐዊ ነው? ስለ መክፈል አቅምና ስለ ጥቅም መርህ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግብር ፍትሐዊ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ለመፍረድ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በሁለት ሚዛን ሲመዝኑ ኖረዋል፤ ስለ ሁለቱ በብዛት የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የመክፈል አቅም መርህና የጥቅም መርህ ማለት ምን ማለት ነው?

ሁለቱንም ከሰፈር እናውቃቸዋለን። የእድር ወርሃዊ መዋጮ ለሁሉም አባል እኩል ነው። ባለ ፎቁም ጡረተኛውም አንድ ዓይነት ይከፍላሉ፤ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ገንዘቡም ለሁለቱ እኩል ይደርሳልና። ይህ የጥቅም መርህ ነው፤ የምታገኘውን ያህል ትከፍላለህ። ጎረቤት ታሞ ለሕክምና ሲዋጣለት ግን ማንም እኩል አይቆርጥም። ወረቀቱ ሲዞር ያለው ብዙ ይጽፋል፣ የሌለው ሃምሳ ብር ይሰጣል። ማንም ቅር አይለውም። ይህ የመክፈል አቅም መርህ ነው፤ የቻልከውን ያህል ትከፍላለህ።

መንግሥት ግብር ሲጥልም ከእነዚህ በአንዱ ይመራል፣ ወይም ይቀላቅላቸዋል። የጥቅም መርህ የሚጠይቀው “ከመንግሥት ምን አገኘህ?” ብሎ ነው። የአቅም መርህ ደግሞ “ከከፈልክ በኋላ ምን ይቀርሃል?” ይላል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ግብር በአንደኛው ሚዛን ልክ፣ በሌላው ግፍ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ብዙ የግብር ክርክር የማያልቀው ሁለቱ ተከራካሪዎች የተለያየ ሚዛን ይዘው ስለሚቀመጡ ነው።

ሐሳቡን ያመጣው ማን ነው?

ስኮትላንዳዊው አዳም ስሚዝ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1776 ስለ ግብር ሲጽፍ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ አስቀምጧቸዋል። ዜጎች እንደ አቅማቸው ይክፈሉ ካለ በኋላ፣ አቅም ማለት በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሆነው የሚያገኙት ገቢ ነው ብሎ ያስረዳል። “አቅም” የሚለው ከአንዱ መርህ፣ “በመንግሥት ጥበቃ ሥር” የሚለው ከሌላው ነው።

የለያያቸው እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል ነው፣ በ1848። ክርክሩ ዛሬም ጥርስ አለው። መንግሥት ጥበቃውን ድንገት ቢያነሳ ማን በብዛት ይጎዳል? ደካማው፣ ድሃው፣ ራሱን መጠበቅ የማይችለው። እንግዲህ ጥቅምን ብቻ ከለካን ትልቁን ግብር መክፈል ያለበት ድሃው ሊሆን ነው። ይህ ሊሆን አይገባም ብሎ ሚል ወደ አቅም አዘነበለ። በኋላ ክኑት ቪክሴል በ1896፣ ኤሪክ ሊንዳል በ1919 የጥቅምን መርህ መልሰው አነሱት። ሁለቱ ስዊድናውያን የመንግሥት ወጪና ለእርሱ የሚከፈለው ግብር አብረው ይወሰኑ፣ ሰው ለምን እንደሚከፍል አይቶ ይስማማ አሉ።

ከደሞዜ የሚቆረጠው ግብር በየትኛው መርህ ነው?

በመክፈል አቅም ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የኢትዮጵያ ምጣኔ መሠረት ከወር ደሞዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል።

በ10,000 ብር ደሞዝ እናስላው። የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር ይሆናል። ቀጣዩ 3,000 በ20 በመቶ 600፣ የመጨረሻው 3,000 በ25 በመቶ 750። ሲደመር 1,650 ብር፣ ማለትም ከጠቅላላው 16.5 በመቶ። በ5,000 ብር ደሞዝ ላይ ግብሩ 500 ብር፣ 10 በመቶ ነው። በ20,000 ላይ 4,950 ብር፣ ወደ 25 በመቶ ይጠጋል።

አንድ የቆየ ስህተት እዚህ ላይ ላንሳ። “ደሞዜ 14,000ን ካለፈ ሁሉም በ35 በመቶ ይቆረጥብኛል፣ ጭማሪው ይቅርብኝ” የሚል ሰው አሁንም ይገጥመኛል። እንዲህ አይደለም። ከፍተኛው ምጣኔ የሚነካው ከመስመሩ በላይ ያለውን ብር ብቻ ነው። ጭማሪ በዚህ ስሌት የእጃችሁን ገንዘብ በፍጹም አይቀንስም።

እጥፍ የሚያገኝ እጥፍ ቢከፍል አይበቃም? ለምን ከዚያ በላይ?

ከላይ እንዳየነው 20,000 የሚያገኘው ከ10,000ው ሦስት እጥፍ ይከፍላል። የዚህ ምክንያት “እኩል መሥዋዕትነት” የሚባለው ሐሳብ ነው። ከ5,000 ብር ደሞዝ ላይ 1,000 ቢወሰድ የቤት ኪራይ ይጎድላል፣ ወይም የልጅ ምሳ። ከ50,000 ላይ 1,000 ቢወሰድ ምናልባት የቅዳሜ ምሳ ውጭ መብላት ይቀራል። ብሩ አንድ ነው፣ ሕመሙ ግን አንድ አይደለም። ሕመሙን ለማመጣጠን ካለው ላይ ብዙ መውሰድ ያስፈልጋል ነው ክርክሩ።

መርሁ ግን ምጣኔው ስንት ይሁን የሚለውን አይነግረንም። 25 ይሁን 35 ወይስ 50፣ ያ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። የእኩል መሥዋዕትነት አባት የሚባለው ሚል ራሱ ለኑሮ የሚያስፈልገው መጠን ነፃ ይሁን፣ ከዚያ በላይ ላለው ግን ለሁሉም አንድ ምጣኔ ይበቃል ባይ ነበር። በአቅም መርህ አምኖ እያደገ የሚሄድ ምጣኔን መቃወም ይቻላል ማለት ነው።

ጡረታ ተብሎ የሚቆረጠውስ?

እሱ ወደ ጥቅም ያደላል። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ የሚገኘው ጡረታ ከደሞዝና ከአገልግሎት ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካ ያላችሁም የሶሻል ሴኩሪቲ ቅነሳ የተወሰነ ጣሪያ ላይ ሲደርስ እንደሚቆም ታውቃላችሁ፤ በ2025 ጣሪያው 176,100 ዶላር ነበር። በአቅም ሚዛን ካየነው ይህ የተገለበጠ ነው፣ ሀብታሙ ጋ ሲደርስ ይቆማልና። በጥቅም ሚዛን ግን ለጡረታው ስሌት የሚቆጠረው ደሞዝም እዚያው ጣሪያ ላይ ስለሚቆም ልክ ነው። ደግሞ ጡረታው ሲሰላ ዝቅተኛ ደሞዝ የነበረው ከደሞዙ አንጻር የበለጠ ድርሻ እንዲያገኝ ተደርጓል፤ አቅም በጓሮ በር ገብቷል ማለት ነው።

ልጅ የለኝም። ለምን ለትምህርት ቤት እከፍላለሁ?

በጥቅም መርህ ሲታይ ጥያቄው ተገቢ ነው። የተለመደው መልስ ጥቅሙ በተማሪው እጅ ብቻ አይቀርም የሚል ነው። የምታክምህ ነርስ፣ ቤትህን የሠራው መሐንዲስ የተማሩት በሰው ገንዘብ ነው። እውነት ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰው ጥቅም ስንት ብር ነው ቢባል ማንም አይለካውም። ጥቅሙ መለካት ሲያቅት ወጪውን በአቅም ማካፈል ግድ ይሆናል።

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ታሪክ አለው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በንጉሡ ዘመን በገጠር መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፣ በኋላም የጤና ግብር ተከተለ። ስማቸው የጥቅም ነው፤ ለትምህርት ክፈል፣ ትምህርት ታገኛለህ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግን በብዛት የሚሠራው ከተማ ነበር። አራሹ ለትምህርት እየከፈለ ልጁ ከብት ያግድ ነበር። እንዲህ ያለ ግብር በሁለቱም ሚዛን ይወድቃል። ጥቅሙ ለከፋዩ አልደረሰም፤ የተጫነውም አቅም ባነሰው ላይ ነው። በእኔ እይታ ለአንድ ዓላማ ተብሎ የሚጣል ግብር ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ የሚውልበት ቦታ ከተከፈለበት ቦታ ጋር ይገናኛል ወይ የሚለው ነው።

ነዳጅ ስቀዳ የምከፍለው የመንገድ ክፍያ ለምን ፍትሐዊ ይባላል?

የጥቅም መርህ በጥሩ ሁኔታ የሚሠራበት ምሳሌ ስለሆነ ነው። የመንገድ ፈንድ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንገድ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ከነዳጅ ዋጋ ላይ እየሰበሰበ ኖሯል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ብዙ የነዳ ብዙ ነዳጅ ይቀዳል፣ ብዙ ይከፍላል። ያልነዳ አይከፍልም። በየመንገዱ በር አቁሞ ገንዘብ መቀበል ሳያስፈልግ ማደያው ይሰበስባል። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ይህንኑ ዘዴ በ1919 ስትጀምር በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ልብ በሉ፣ የምንለካው ግን የመንገድ አጠቃቀምን ሳይሆን የተቀዳውን ነዳጅ ነው። ነዳጅ የመንገድ አጠቃቀም ወኪል ነው። ወኪሉ እውነቱን እስከተናገረ ድረስ ግብሩ ፍትሐዊ ነው። መዋሸት ሲጀምር ፍትሑም አብሮ ይሄዳል።

ሲኖትራክና ቪትዝ በሊትር እኩል መክፈላቸው ልክ ነው?

አይደለም፣ ልዩነቱም የሚያስደነግጥ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ለሙከራ ብቻ መንገድ ተሠርቶ የተለያየ ክብደት የጫኑ መኪኖች ወታደሮች እየነዷቸው ቀን ከሌት ተመላለሱበት። ከዚያ የተገኘው ግምታዊ ሕግ እስከዛሬ የመንገድ መሐንዲሶች ይጠቀሙበታል። አንድ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ዘንግ፣ መንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከተሸከመው ክብደት አራተኛ ኃይል ጋር ያድጋል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል።

አሁን አስሉት። አንዲት ቪትዝ ወደ 1 ቶን ትመዝናለች እንበል፤ በአንዱ አክስል ግማሽ ቶን። የተጫነ ሲኖትራክ በአንዱ የኋላ አክስል 10 ቶን ቢሸከም የቪትዟን 20 እጥፍ ነው። 20 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 160 ሺህ ይመጣል። ነዳጁስ? ቪትዟ ለ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር፣ ሲኖትራኩ 40 ሊትር ቢፈጁ ልዩነቱ ሰባት እጥፍ አይሞላም። ጉዳቱ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ፣ ክፍያው ሰባት እጥፍ። የጥቅም መርህ እዚህ ላይ በስሙ ብቻ ነው ያለው።

መፍትሔው ይታወቃል። ያችው ኦሪገን ከባድ መኪኖችን በክብደታቸውና በተጓዙት ማይል ታስከፍላለች። ይህ ግን ሚዛን ጣቢያ፣ የጉዞ መዝገብና የማያጭበረብር ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። ሌላም አለ፤ የሲኖትራኩ ባለቤት የጨመረበትን ክፍያ ጭነቱ ላይ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ አሸዋውና ሲሚንቶው ይወደዳል። ከፋዩና ተሸካሚው አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያለውስ? ነዳጅ የማይቀዳ መንገድ በነፃ ይጠቀማል?

ከነዳጅ በሚሰበሰበው በኩል አዎ፣ አይከፍልም። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለች ጥያቄው ለኛ የሩቅ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪናው ባትሪ ከባድ ነው፣ መንገዱንም ይረግጣል፤ ማደያ ግን አይቆምም። በአቅም ሚዛንም ነገሩ ይከፋል። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው ባጠቃላይ ደህና ገቢ ያለው ነው፤ የመንገዱን ጥገና የሚከፍለው ደግሞ አሮጌ ሚኒባስ ይዞ ተሳፋሪ የሚያመላልሰው ሊሆን ነው።

ሌሎች አገሮች ወኪሉን ቀይረዋል። አይስላንድ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪናን በኪሎ ሜትር 6 ክሮና ማስከፈል ጀመረች። ኒውዚላንድ በዚያው ዓመት ከኤፕሪል ጀምሮ ለ1,000 ኪሎ ሜትር 76 የኒውዚላንድ ዶላር ጣለች። የመኪናው ቆጣሪ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ይነበባል፣ በዚያ ይከፈላል። ተቃዋሚዎች አየር የማይበክለውን መኪና ለምን ትቀጣላችሁ ይላሉ። እኔ ሁለቱ ጉዳዮች ባይደባለቁ እመርጣለሁ። ንጹሕ መኪናን ማበረታታት ከተፈለገ በግዢው ላይ በግልጽ ይደረግ፤ የመንገዱ ወጪ ግን ለሚጠቀምበት ይተው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ የወፍጮ ቤት ናፍጣ ነው። ሞተሩ አንድ ቦታ ቆሞ ጤፍ ይፈጫል፣ መንገድ አይነካም። የውሃ መሳቢያ ፓምፕም እንዲሁ። በዋጋው ውስጥ የመንገድ ክፍያ ካለ ባለወፍጮው ለማይጠቀምበት እየከፈለ ነው። አሜሪካኖች ለእርሻና መንገድ ላይ ለማይወጣ ሞተር የሚሸጠውን ከመንገድ ግብር ነፃ ናፍጣ ቀይ ቀለም ይነክሩታል። በመንገድ ላይ በሚሄድ መኪና ታንከር ውስጥ ቀይ ናፍጣ ከተገኘ ቅጣት አለ።

ቫት ሁሉም እኩል 15 በመቶ ይከፍላል። እኩል ከሆነ ፍትሐዊ አይደለም?

እኩል የሆነው ከወጪው ነው፣ ከገቢው አይደለም። ከላይ ያሉትን ሁለት ሰዎች እንውሰድ፤ ጡረታውን ለጊዜው እንተወው። 5,000 የሚያገኘው ከግብር በኋላ 4,500 ይቀረዋል፣ ሁሉንም ያወጣል። የገዛው ሁሉ ቫት ያለበት ከሆነ ዋጋው ውስጥ 587 ብር ያህል ቫት አለ። ይህ ከደሞዙ 12 በመቶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። 20,000 የሚያገኘው 15,050 ይቀረዋል። 9,000 አውጥቶ ሌላውን ይቆጥባል እንበል። ቫቱ 1,174 ብር ያህል ነው፣ ከደሞዙ 6 በመቶ አይሞላም። ባለ ብዙ ገቢው በብር ብዙ ከፈለ፣ በድርሻ ግን ግማሽ።

የሕክምናና የትምህርት አገልግሎትን የመሳሰሉ ነገሮች ከቫት ነፃ የሚሆኑት ይህን ለማለዘብ ነው። የተቆጠበው ገንዘብም አንድ ቀን ሲወጣ ቫት ይከፈልበታል የሚል መከራከሪያ አለ። ትክክል ነው፤ ግን ለዛሬ ዳቦ የሚከፍል ሰውና ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚገዛው ቤት የሚቆጥብ ሰው ሸክማቸው አንድ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

የእኔና የጎረቤቴ ደሞዝ አንድ ነው። እኔ አራት ልጅና እናቴን አስተዳድራለሁ፣ እሱ ብቻውን ነው። ለምን ግብራችን እኩል ሆነ?

የኢትዮጵያ ሕግ አቅምን የሚለካው በአንድ ሰው ደሞዝ ብቻ ስለሆነ ነው። ሁለታችሁም 10,000 ካላችሁ ሁለታችሁም 1,650 ትከፍላላችሁ። ከወረቀቱ ጀርባ ስንት አፍ እንዳለ አይጠየቅም። ፈረንሳይ ከ1945 ጀምሮ የቤተሰቡን ገቢ በቤተሰቡ ብዛት አካፍላ ምጣኔውን ታሰላለች። አሜሪካም ለልጆች ቅናሽ ትሰጣለች።

ነገሩ በባልና ሚስት ላይ የበለጠ ይታያል። በአንድ ቤት ባል ብቻውን 20,000 ያመጣል፤ ግብሩ 4,950 ነው። በሌላው ቤት ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው 10,000 ያመጣሉ፤ ግብራቸው ተደምሮ 3,300 ነው። የሁለቱ ቤት ገቢ አንድ ሆኖ ልዩነቱ በወር 1,650 ብር። ይህ ዝም ብሎ ስህተት ነው ለማለት ግን አይቻልም። አሠሪው ደሞዝ ከፋይ እንጂ የቤት ቆጣሪ አይደለም፤ የስንት ልጅ አባት እንደሆናችሁ ማጣራት ይከብደዋል። ደግሞ ገቢው በቤተሰብ ተደምሮ ቢሰላ ሥራ የምትጀምር ሚስት የመጀመሪያዋ ብር በባሏ ከፍተኛ ምጣኔ ላይ ይወድቃል። በቤትዋ እንድትቀር የሚገፋ ግብር ይሆናል።

ደሞዜ ተጨምሮ ኑሮዬ ግን ወረደ። ግብሩ ለምን ጨመረ?

ምጣኔው ቆሞ ብሩ ስለረከሰ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ሕግ 600 ብር ነፃ አድርጎ ከ10,900 በላይ ያለውን በ35 በመቶ ቆረጠ። ያኔ ዶላር ወደ 22 ብር ነበር፤ 10,900 ብር ማለት 500 ዶላር አካባቢ ነው፣ በእውነት የጥሩ ደሞዝ መስመር። በ2016 ሐምሌ የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያው 10,900 ብር ወደ 100 ዶላር ወረደ። ዶላር የገበያ ቅርጫት አይደለም፤ ግን አቅጣጫውን ያሳያል። ለሀብታም የተሠመረው መስመር ሳይንቀሳቀስ መካከለኛ ሠራተኛው ሥር መጣ። ማንም ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥ ግብር ጨመረ።

የ2017ቱ ማሻሻያ ነፃውን መጠን ወደ 2,000 ሲያደርስ ይህን በከፊል አርሟል። በአሮጌው ምጣኔ 10,000 ብር ላይ 2,045 ብር ይቆረጥ ነበር፣ አሁን 1,650። ግን አዲሱ መስመርም በብር ተጽፎ እዚያው ይቆማል። አሜሪካ ከ1985 ጀምሮ የግብር መስመሮቿን ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ ታንቀሳቅሳለች። ያለዚያ የአቅም መርህ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይሸረሸራል።

ደሞዝ የሌለው ነጋዴ አቅሙ በምን ይለካል?

እዚህ ጋ ነው የአቅም መርህ የሚንገዳገደው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በብዙ ከተሞች ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ገማቹ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ “በቀን ስንት ትሸጣለህ?” ይላል። የተሸጠ ግን ገቢ አይደለም።

ሁለት ጎረቤታሞችን እንይ፤ ሁለቱም በቀን 3,000 ብር ይሰበስባሉ እንበል። አንዱ ስኳርና ዘይት የሚሸጥ ባለሱቅ ነው፣ ትርፉ 8 በመቶ ቢሆን በቀን 240 ብር። ሌላው ፀጉር ቤት ነው፣ ሸቀጥ አይገዛም፣ ግማሹ ቢቀረው 1,500 ብር። ሽያጫቸው አንድ፣ አቅማቸው ስድስት እጥፍ ይለያያል። በዚያን ጊዜ የነበረው የቁርጥ ግብር ሠንጠረዥ በሥራ ዓይነት የተከፋፈለው ለዚህ ነበር። ግምታችሁ የተጋነነ ከመሰላችሁ አቤቱታችሁ ላይ “በዛብኝ” ብላችሁ አትቁሙ። የግዢ ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የሠራተኛ ደሞዝ አያይዙ። ሽያጩን ወደ ትርፍ የሚያወርደው ማስረጃ እሱ ነው።

ጡረተኛ ነኝ። ቤቴ ውድ ነው ይሉኛል፣ እጄ ላይ ግን ገንዘብ የለም። የንብረት ታክስ ልከፍል ይገባኛል?

ሁለቱ መርሆች የሚጋጩበት ከባዱ ቦታ ይህ ነው። የንብረት ታክስ አንድ እግሩ ጥቅም ላይ ነው። ከተማው አስፋልት ሲዘረጋ፣ መብራት ሲተክል፣ ፍሳሽ ሲያስወግድ የቤታችሁ ዋጋ ይጨምራል፤ ጭማሪውን ያመጣው የእናንተ ላብ ሳይሆን የሕዝብ ገንዘብ ነው። ሌላው እግሩ አቅም ላይ ነው። ትልቅ ቤት ያለው ሰው በኪራይ ከሚኖረው የተሻለ ሀብት አለው፤ ይህ አይካድም። ግን ከ30 ዓመት በፊት ሰፈሩ ዳር ሳለ ቤት የሠሩ እናት፣ ዛሬ ሰፈሩ መሀል ከተማ ቢሆን፣ ጡረታቸው ያው ነው። ግድግዳ ቆርሶ ግብር አይከፈልም።

ነፃ ይሁኑ ማለት አንድ መፍትሔ ነው፣ ግን ቤቱን በኋላ የሚወርሰው ደህና ሥራ ያለው ልጅ ከሆነ ነፃ የወጣው እሱ ነው። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሌላ መንገድ አላት። 55 ዓመት የሞላቸው ባለቤቶች ግብሩን እንዲያዘገዩ ትፈቅዳለች። ግዛቱ ለከተማው ይከፍልላቸዋል፣ ዕዳው ወለድ እየታሰበበት በቤቱ ላይ ይመዘገባል። ቤቱ ሲሸጥ ወይም በውርስ ሲተላለፍ ይመለሳል። እናትዬዋ በሕይወታቸው እያሉ ከቤታቸው አይነሱም፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ግን ግድግዳው ወደ ጥሬ ብር በሚቀየርበት ቀን ነው።